ቴስታታው ከቶርኖ ቤት ሲመለስ ያልተነገራችሁ

ጋራዥ ውስጥ ለባለመኪና ሳይነገር የሚቀር ነገር ብዙ ነው። አብዛኛው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ሠራተኛው ራሱ ስለማይለካው ነው። ሞተር ስከፍትና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝና ከነዚያ ውስጥ አንዷን ዛሬ ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። ሞተራችሁ ከልክ በላይ ሞቆ ጓርኒሲዮን ሲያቃጥል ቴስታታው ይወርድና ቶርኖ ቤት ይላካል። እዚያ ፊቱ ተላጭቶ፣ እንደ መስታወት አብርቶ ይመለሳል። ደረሰኙ ላይ «ቴስታታ ማስላጫ» ተብሎ ዋጋው ይጻፋል። የማይጻፈው ግን ስንት እንደተላጨ ነው። እሱ ሳይጻፍ ከቀረ ደግሞ አሁን የምትነዱት ሞተር ኮምፕሬሽን ሬሺዮ፣ በአማርኛችን የእመቃ ምጥጥኑ፣ ስንት እንደሆነ እናንተም እኔም አናውቅም።

ይህን በደንብ ያስተማረችኝ ከባሕረ ሰላጤው አገር የመጣች 1.5 ሊትር ያሪስ ናት። ሞተሯ ቶዮታ 1NZ-FE ብሎ የሚጠራው ነው። ባለቤቷ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰው ናቸው። ሌላ ቦታ ቴስታታ አስወርደው፣ አስላጭተው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብተው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ነዷት።

«ወንድሜ፣ ከተማ ውስጥ ምንም አትልም» አሉኝ። «እንዲያውም መጎተቷ የተሻለ መስሎኝ ነበር። አዋሽ ለቀብር ወርጄ፣ አራት ሰው ጭኜ ስመለስ ግን ከመተሃራ በኋላ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የገባ መሰለኝ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ትንኮሻኮሻለች፤ ስለቅላት ዝም ትላለች። ቤንዚኑንም ትጠጣዋለች።»

«ጋሼ፣ ቴስታታው ስንት ሚሊሜትር ነው የተላጨው?» አልኳቸው።

«እሱንማ ማን ነገረኝ?» አሉ።

ነዳጅ ሲሰጧት የሚመጣና ሲለቋት የሚጠፋው ድምፅ ነገሩን ነግሮኛል። ካንዴላዎቹን ነቀልኩና በማጉያ መነጽር አየኋቸው። በነጩ ሸክላ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስል ጥቃቅን ነጠብጣብ አለ። አንዳንዶቹ ጥቁር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሲያዩዋቸው የሚያብለጨልጩ የአሉሚኒየም ፍንጣሪዎች። አሉሚኒየሙ ከሌላ ከየትም አይመጣም፤ የፒስተኑ አናት ነው። ቴስታታውን እንደገና ማውረድ ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። በዚህ ሞተር አንዱ ፒስተን ከታች እስከ ላይ ሲሄድ የሚያካልለው ቦታ 374 ሲሲ ያህል ነው፤ አራቱ ተደምረው 1.5 ሊትሩን ይሰጣሉ። ፒስተኑ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ከአናቱ በላይ ትንሽ ቦታ ይቀራል። ያ ቦታ በቴስታታው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ፣ የጓርኒሲዮኑ ውፍረትና የፒስተኑ አናት ቅርጽ ተደምረው የሚፈጥሩት ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ያስቀመጠው ምጥጥን 10.5 ለ 1 ስለሆነ፣ የሚቀረው ቦታ 39.4 ሲሲ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ፒስተኑ ታች ሳለ የነበረው 413.6 ሲሲ አየርና ቤንዚን ላይ ሲደርስ ወደ 39.4 ሲሲ ይታመቃል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉት 10.5 ይመጣል። የእመቃ ምጥጥን የሚባለው ይኸው ነው፤ የአየሩ ግፊት ሳይሆን የሁለት ቦታዎች ንጽጽር ነው።

የያሪሷን ቴስታታ ገልብጬ፣ በአንዱ ጎድጓዳ ላይ ቀዳዳ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ገጠምኩበት፤ ጠርዙን በግሪስ አሽጌ፣ በመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ቀጭን ዘይት እየለካሁ ሞላሁት። ከዚያ ካልተላጨ የዚሁ ሞተር ቴስታታ ጋር አነጻጸርኩት። የጎደለው 3 ሲሲ ነበር። ከሻይ ማንኪያ ግማሽ ትንሽ ብትበልጥ ነው። በውፍረት ስለካው ደግሞ ከ0.7 ሚሊሜትር በላይ ተላጭቷል። ቀጥ ለማድረግ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር፤ ምናልባት አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ተላጭቶ ይሆናል። 39.4 ላይ 3 ሲቀነስ 36.4 ይቀራል። እንደገና ስናሰላው ምጥጥኑ 11.3 ለ 1 ሆኗል። በግማሽ ማንኪያ ዘይት ምክንያት ሞተሩ ሌላ ሞተር ሆነ።

ጋሼ «መጎተቷ የተሻለ መስሎኝ ነበር» ያሉት እውነታቸውን ነው። ምጥጥን ሲጨምር ሞተር ከያንዳንዱ ጠብታ ቤንዚን ብዙ ሥራ ያወጣል። ለምን? ብዙ መካኒክ «ኮምፕሬሽኑ ጠንካራ ስለሆነ» ይላችኋል። ይህ ግማሽ መልስ ነው። ማመቅ ራሱ ጉልበት ይበላል እንጂ አይሰጥም። ትርፉ የሚገኘው ከብልጭታው በኋላ፣ የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ሲገፋ ነው። ምጥጥኑ 10.5 ከሆነ ጋዙም ከተቃጠለ በኋላ 10.5 ጊዜ ይሰፋል። በሰፋ ቁጥር እየገፋ፣ እየሠራ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ምጥጥኑ ትንሽ በሆነ ሞተር ግን ጋዙ ገና ትኩስና ጉልበት ያለው ሆኖ ሳለ ቫልቮላው ይከፈትለታል፤ ያልተሠራበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከፍተኛ ምጥጥን ማለት ለጋዙ ረጅም የሥራ ጊዜ መስጠት ነው።

በሒሳብ ብቻ፣ ሰበቃና ወደ ብረት የሚጠፋ ሙቀት ሳይቆጠር፣ ምጥጥኑ 8 የሆነ ሞተር ከቤንዚኑ ሙቀት 56 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ሊለውጥ ይችላል። በ10 ወደ 60፣ በ12 ወደ 63፣ በ14 ወደ 65 በመቶ ይደርሳል። እውነተኛው ሞተር ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚያገኘው፤ የቁጥሮቹ አካሄድ ግን ያው ነው። ጭማሪው እየቀነሰ እንደሚሄድ ልብ በሉ። የያሪሷ ከ10.5 ወደ 11.3 መውጣት በዚሁ ሒሳብ የሚያተርፈው ቢበዛ 2 በመቶ ያህል ቤንዚን ነው። የሚያስከፍለው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ምጥጥኑ 10 በሆነ ሞተር ውስጥ ገና ብልጭታ ሳይመጣ የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ ከ400 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከዚያ ካንዴላው ይበራና እሳቱ ከመሐል ወደ ዳር መስፋት ይጀምራል። እሳቱ ሲሰፋ ደግሞ ገና ያልተቃጠለውን፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ አጠገብ ጥግ የያዘውን ድብልቅ እየገፋ የበለጠ ያምቀዋል፤ የበለጠም ያግለዋል። እዚህ ላይ ውድድር አለ። እሳቱ ቀድሞ ጥጉ ጋ ከደረሰ ሁሉም በሥርዓት ይቃጠላል። የጥጉ ድብልቅ መቋቋም አቅቶት እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ ከተቀጣጠለ ግን አንድ ላይ፣ በቅጽበት ይፈነዳል። ግፊቱ እንደ መዶሻ ብረቱን ይመታል። ያ የጠጠር ድምፅ እሱ ነው፤ ሞተሩ «ያንኳኳል» የምንለው። ድምፁ ትንሽ ቢሆንም ጥፋቱ ትንሽ አይደለም፤ ፒስተኑን የሚጠብቀውን ስስ የጋዝ ሽፋን ገፍፎ ሙቀቱን ወደ አሉሚኒየሙ ያስገባል። የፒስተኑ ጠርዝ አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል፤ በፋሻዎቹ መሐል ያለው ብረት ይሰነጠቃል።

ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የዚህ ውድድር ቁጥር ነው። ቤንዚኑ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አይናገርም። በራሱ ከመቀጣጠል ምን ያህል እንደሚታገስ ብቻ ነው የሚናገረው። አለካኩን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበርና ልንገራችሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ልዩ ሞተር አለ፤ እየሠራ ሳለ የእመቃ ምጥጥኑን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በደቂቃ 600 ዙር እየዞረ የሚለካውን ቤንዚን ይጠጣል፤ ባለሙያው ማንኳኳቱ ወደተወሰነ ልክ እስኪደርስ ድረስ ምጥጥኑን ያሳድጋል። ከዚያ ሁለት ንጹሕ ፈሳሾችን እየደባለቀ ያነጻጽራል። አንዱ በጣም የሚታገሰው አይሶኦክቴን ነው፤ 100 ተሰጥቶታል። ሌላው ቶሎ የሚፈነዳው ሄፕቴን ነው፤ ዜሮ ነው። ቤንዚኑ ልክ እንደ 91 እጅ አይሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን ድብልቅ ከታገሰ 91 ይባላል። ኦክቴን ከመነሻው የተለካው በእመቃ ምጥጥን ነው ማለት ነው፤ ሁለቱ አንድ ገመድ ላይ የታሰሩ ናቸው።

ስለዚህ በአሮጌው ዘመን ቤንዚኑ ደካማ ስለነበር ሞተሩም ደካማ ነበር። የፎርድ ሞዴል ቲ ምጥጥን ከ4.5 አይበልጥም ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ሞተርስ የሚሠራው ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ውህድ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። ከዚያ በኋላ ምጥጥን መውጣት ጀመረ፤ የዓለም ልጆችም ለአሥርት ዓመታት መርዝ ተነፈሱ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ እርሳሱን ለመኪና መሸጥ ያቆመችው በ2021 ነው፤ ግኝቱ ከተደረገ ልክ በመቶ ዓመቱ። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። ያ ሁሉ የሆነው የጥጉን ድብልቅ ለጥቂት የሺኛ ሰከንዶች ለማስታገስ ነው።

የነዳጅ ማደያ ቁጥሮችን በሚመለከት በውጭ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ማደያው ላይ 87 የሚለው በሳውዲ 91 ከሚለው ጋር የሚቀራረብ ነው። አሜሪካኖቹ የሁለት ዓይነት መለኪያ አማካይ ይጽፋሉ፤ አብዛኛው ሌላ ዓለም አንዱን ብቻ። መኪናችሁ የሚጠይቀው መደበኛውን ከሆነ ውዱን መቅዳት ጉልበት አይጨምርላችሁም፤ ትዕግሥቱን የሚጠቀምበት ምጥጥን ሞተሩ ውስጥ የለምና።

እንግዲህ ያሪሷ አዲስ አበባ ላይ ለምን ዝም አለች? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ፣ ታምቆም የሚደርስበት ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ከፍታችን ለተላጨ ቴስታታ ምሕረት ያደርጋል። መተሃራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ናት፤ ግፊቱ ከአዲስ አበባው 18 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሙቀቱን ጨምሩበት፣ አራት ሰው ጨምሩበት፣ ዳገት ጨምሩበት፤ የጥጉ ድብልቅ ትዕግሥቱ አለቀ። የአዲስ አበባ ጋራዥ ሠርቶ ሲፈትሽ ምንም የማይሰማውም ለዚህ ነው። ብልሽቱ የሚገለጠው ከእኛ በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ መካኒኩ በሌለበት ነው።

ከፍታው በሌላም መንገድ ያታልለናል። ካንዴላ ነቅለው የኮምፕሬሽን መለኪያ ሰዓት ሲያስገቡ አይታችሁ ይሆናል። መጽሐፉ 200 ይላል እንበል፤ እዚህ ከተማ ጤነኛ ሞተር 155 አካባቢ ቢያሳይ ትክክል ነው። ይህን ያላወቀ «ሞተርህ አልቋል፣ ፋሻ ይቀየር» ብሎ ያስከፍላችኋል። በተገላቢጦሽ ደግሞ ቴስታታው የተላጨበት ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ «ልክ እንደ መጽሐፉ» ቢያሳይ መካኒኩ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን እጠረጥራለሁ። ያ ሰዓት የሚለካው ግፊትን ነው፤ ምጥጥንን አይለካም።

«ቤንዚኑንም ትጠጣዋለች» ያሉትስ? ሞተሩ ጎን ላይ በቡሎን የታሰረ ኖክ ሴንሰር የሚባል አነስተኛ ጆሮ አለ። ማንኳኳት ሲሰማ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ብልጭታውን ያዘገየዋል። ብልጭታው ሲዘገይ ግፊቱ ይበርዳል፤ ፒስተኑም ይተርፋል። ግን ጋዙ ዘግይቶ ስለሚቃጠል የሚገፋበት መንገድ ያጥራል፤ ሙቀቱ እንደገና በጭስ ማውጫ ይወጣል። ከፍተኛው ምጥጥን የሰጠውን ሁለት በመቶ ይህ መዘግየት ከነወለዱ ይወስደዋል። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ድምፁን እንኳ አይሰማም፤ የሚያየው መኪናው እንደከበደውና ቤንዚን እንደበዛበት ብቻ ነው። የመመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ዳገት ላይ የብልጭታውን ዲግሪ ቢመለከት ወደ ኋላ ሲሸሽ ያየዋል። የያሪሷ ድምፅ እስኪሰማ መድረሱ ጆሮው የሚችለውን ያህል አዘግይቶ መጨረሱን ያሳያል።

ቤንዚኑም ድርሻ አለው፤ ይህንን ደግሞ በለሆሳስ ነው የምነግራችሁ። እኛ ማደያ ላይ በአብዛኛው የምናገኘው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፤ «ከፍተኛውን ቅዳልኝ» ማለት አንችልም። ጋሼ አዋሽ ላይ ወረፋው ሲረዝምባቸው ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዝተው ነበር። የጀሪካን ቤንዚን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ነጭ ጋዝ ይቃጠላል፣ ሞተሩም ይነሣል፤ ኦክቴኑ ግን በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂት እጁ ሲገባ የቤንዚኑን ትዕግሥት ያወርደዋል። ኤታኖል ደግሞ ተቃራኒ ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር ብዙ ሰው «ሞተር ሊያበላሽ ነው» ብሎ ፈርቶ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ግን ኤታኖል የሞተር ወዳጅ ነው። ኦክቴኑ ከ100 በላይ ነው፤ ሲተንም የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል።

«ታዲያ አሁን ያሉት መኪኖች 13 ምጥጥን ይዘው እንዴት በተራ ቤንዚን ይሄዳሉ?» የሚል ካለ ጥያቄው ትክክል ነው። የቶዮታ ፕሪየስ 1.8 ሞተር ምጥጥኑ 13 ነው። ምስጢሩ ያው የነገርኳችሁ ነው፦ ትርፉ ያለው በመስፋቱ ላይ እንጂ በማመቁ ላይ አይደለም። የማስገቢያ ቫልቮላው ዘግይቶ ይዘጋል፤ ፒስተኑ መውጣት ከጀመረ በኋላ የገባው አየር በከፊል ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ የሚታመቀው ትንሽ ነው፣ የሚሰፋው ግን ሙሉ 13 ጊዜ ነው። ናፍጣ ሞተርም ከ16 በላይ የሚደርሰው ባዶ አየር ስለሚያምቅ ነው፤ ጥግ ይዞ የሚፈነዳ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ድረስ ውስጡ የለም። የእኛ ያሪስ ግን ሁለቱንም አይደለችም።

መፍትሔው ሦስት መንገድ ነበረው። አንዳንድ ቦታ ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ መግጠም የተለመደ ነው። ይህን አላደርገውም። ቦታውን ይመልሳል፤ ነገር ግን ሁለቱ መሐል ውኃ የሚያልፍበት መንገድ ይፈጥራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ ተመልሶ ይሞቃል። ያልተላጨ ቴስታታ መግዛት ሁለተኛው ነው፤ ዋጋው ለጋሼ ከብዷቸዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን ሞተሮች እየጠገኑ መኖር ግድ ሆኗልና ለደህና ቴስታታ ፈላጊው በዝቷል። ሦስተኛው ለተላጨ ቴስታታ ተብሎ የሚሠራ ወፈር ያለ አንድ ወጥ ጓርኒሲዮን ነው። ፍለጋው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከተለመደው 0.6 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍር ተገኘ። 75 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ላይ ይህ 2.6 ሲሲ ያህል ይመልሳል፤ ምጥጥኑም ወደ 10.6 ይወርዳል። ቴስታታው ወደ ቦታው ከፍ ሲል ቼኑ ያዛባው የቫልቮላ ሰዓትም አብሮ ወደ ልኩ ተጠጋ። የፒስተኖቹ ጠርዝ ተበልቶ ነበር፤ ስንጥቅ ግን አልነበረበትም፤ ጠርዙን አለስልሼ መለስኳቸው።

ጋሼ በኋላ ለተዝካሩ ወደ አዋሽ ወርደው ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ ወደ እኔ መጡ። ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ ጠጣን። ካንዴላዎቹን ነቅለን በማጉያው ሁለታችንም አየናቸው፤ ሸክላው ቡናማ ነበር፣ ነጠብጣብ የለበትም። እስክሪብቶ ጠየቁኝና የያሪሷ መመሪያ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በራሳቸው እጅ፣ የጓርኒሲዮኑን ውፍረትና «10.6» የሚለውን ቁጥር ጻፉት።